ክረምትን በጎንደር ዘንጦ ማለፍ፦ ካፖርቱ፣ ጫማውና ስፌታቸው

የጎንደር ክረምት ሰኔ ላይ ይጀምራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፣ መስከረም እስኪጋመስም አይለቅም። ጠዋት ጠርቶ የዋለ ሰማይ ከምሳ በኋላ ድንገት ይጠቁርና ያወርደዋል። በዚህ ወቅት ቢሮ የሚገባ፣ ባንክ የሚሠራ ወይም ምርቃት የተጠራ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ይመስለዋል። ወይ ቦቲ አጥልቆ ላስቲክ ደርቦ ደረቅ ሆኖ መድረስ፣ ወይ ዘንጦ ወጥቶ በስብሶ መድረስ። ሁለቱንም ሳይሆኑ፣ ደረቅም ዘናጭም ሆኖ መድረስ ይቻላል። እንዴት እንደሆነ እንየው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃ ብዙውን ጊዜ በጨርቁ ወይም በቆዳው ፊት በኩል አይገባም። የሚገባው በስፌት፣ በዚፕ፣ በማሰሪያ ቀዳዳና ሶሉ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ነው። ስለዚህ ካፖርትም ጫማም ስትገዙ ከቀለሙና ከቅርጹ በፊት መገጣጠሚያውን እዩ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በሙሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ካፖርቱን መምረጥ

ጎንደር ውስጥ ጥሩ የዝናብ ካፖርት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሰልባጅ ተራ ነው። አዲስ ከሚሸጠው ቀጭን ላስቲክ ይልቅ በአግባቡ የተያዘ ሰልባጅ ይሻላል። ግን ማየት ያለባችሁ ከውስጥ ነው። ካፖርቱን ገልብጡና የትከሻውንና የብብቱን ስፌት ፈልጉ። በስፌቱ ላይ ከውስጥ በኩል አንድ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቀጭን ቴፕ ተለጥፎ ካያችሁ፣ ያ ልብስ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ነው። ቴፑ ከሌለና የስፌቱ ክር በግልጽ ከታየ ለካፊያ እንጂ ለሐምሌ ዝናብ አይሆንም። ቴፑ ኖሮ ጠርዙ ከተነሳም ከዚያው ውሃ ይገባል።

ቀጥሎ የውስጡን ሽፋን በመዳፋችሁ ዳብሱ። የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ነጭ ቅርፊት ከእጃችሁ ላይ ከቀረ ተዉት። ውሃ የሚከላከለው ሽፋን በዕድሜ እየተበላሸ ነው ማለት ነው፣ ይህንን የሚመልስ እጥበትም ጥገናም የለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ካፖርቱ ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል።

ሻጩ ከፈቀደ የመጨረሻው ሙከራ ውሃ ነው። ትከሻው ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ አፍስሱ፣ በአውራ ጣታችሁ ተጭናችሁ ለደቂቃ ያህል ያዙ፣ ከዚያ ከውስጥ ዳብሱት። መጫኑ አስፈላጊ ነው። ሳይጫን የተኛ ውሃ በብዙ ጨርቅ ላይ ይንከባለላል። የቦርሳ ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲጫን ግን ውሃው ይገፋል። አዲስ ልብስ ላይ አንዳንዴ 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ጨርቁ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚያሳድረውን ግፊት ይችላል ማለት ነው፣ ለጎንደር ክረምት ከበቂ በላይ ነው። 1,500 አካባቢ የሚል ከሆነ ከታክሲ ወርዶ እስከ በር ለመድረስ ይሆናል እንጂ ግማሽ ሰዓት ዝናብ ውስጥ ለመሄድ አይሆንም።

አሁን ወደ ዝነጣው እንምጣ። የዝናብ ልብስን ከመደበኛ ካፖርት የሚለየው ብዙ ጊዜ የጨርቁ ማብለጭለጭ ነው። ስለዚህ የማያብረቀርቅ ደብዛዛ ገጽታ ያለው፣ ኮሌታ ያለውና ከፊት ዚፑን የሚሸፍን መደረቢያ ያለው ምረጡ። መደረቢያው ለመልክ ብቻ አይደለም፣ ዚፕ ውሃ ከሚገባባቸው ቦታዎች ዋነኛው ስለሆነ ነው። ቀለሙን በተመለከተ ጥቁር ሰማያዊ ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ። ጥቁር ላይ የደረቀ የጭቃ ነጠብጣብ ወደ ግራጫ ተለውጦ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ፈካ ያለ ቡኒ ደግሞ ሲረጥብ ትከሻው ላይ ጥቁር ካርታ ይሠራል። ጥቁር ሰማያዊ ሁለቱንም ይደብቃል፣ ከሱፍም ከሸሚዝም ጋር ይሄዳል።

ርዝመቱን አትርሱ። ከሱፍ ኮት በላይ የሚለበስ ከሆነ ካፖርቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከኮቱ መውረድ አለበት። የኮት ጫፍ ከካፖርት ሥር ብቅ ካለ ዝናቡን የሚጠጣው እሱ ነው፣ ሲደርቅም ተጨማዶ ይቀራል። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ርዝመት ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ባጃጅ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ጭቃ ይጠርጋል።

ጋባርዲን ጨርቅ የለበሱ፣ ወገባቸው በቀበቶ የሚታሰር ካፖርቶች በጣም ያምራሉ። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኞቹ ውሃ የሚቋቋሙ እንጂ ውሃ የማያስገቡ አይደሉም። ክሩ በጣም ተጠጋግቶ ስለተሸመነ ካፊያ ይመልሳሉ። ዶፍ ሲመጣ ጨርቁ ራሱ ውሃ ይይዝና ይከብዳል። እንዲህ ያለ ካፖርት ካላችሁ ከጃንጥላ ጋር ብቻ አውጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ካፖርቱ ውሃን ማንከባለል ትቶ መጠጣት ሲጀምር ብዙዎች አለቀለት ብለው ይጥሉታል። ብዙ ጊዜ አልቆለት አይደለም፣ ቆሽሾ ነው። በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ልብስ ማለስለሻ የሚባለውን ፈሳሽ በፍጹም አትጨምሩ፣ ጨርቁ ላይ ይለጠፍና ውሃ እንዲስብ ያደርገዋል። ከደረቀ በኋላ ስስ ጨርቅ ከላይ አድርጋችሁ በትንሽ ሙቀት ተኩሱት። ሙቀቱ በጨርቁ ፊት ላይ ያለውን ውሃ የሚያንከባልል ቅብ ያነቃቃዋል። ከዚህ በኋላም ውሃ ከጠጣ፣ ያ ቅብ አልቋል ማለት ነው።

ከካፖርቱ ሥር

ፒያሳ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ዳገት አለ። ውሃ የማያስገባ ልብስ ደግሞ ላብም እንደ ልብ አያስወጣም። ወፍራም ሹራብ ደርባችሁ ዳገቱን ከወጣችሁ ከውጭ ደረቅ፣ ከውስጥ ረጥባችሁ ትደርሳላችሁ። የክረምት ቀን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፣ ስለዚህ ሸሚዝና ስስ ሹራብ ይበቃል። ስትሄዱ አንገታችሁ ሥር ያለውን ቁልፍ ክፈቱት፣ ስትቆሙ ዝጉት።

ሱሪው ከጉልበት በታች መረጠቡ አይቀርም። ከካፖርቱ ጫፍ የሚንጠባጠበው እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ያስፈልጋል። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሱፍ ወይም ቴትሮን እስከ ምሳ ይደርቃል። ጂንስ ግን እስከ ማታ እንደረጠበ ይውላል። ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱና የክረምት ሱሪያችሁን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አሳጥሩት። ጫማ ላይ ተጣጥፎ የሚተኛ ሱሪ ጭቃ ይሰበስባል። የጫማውን አንገት ነክቶ የሚቆም ሱሪ ንጹሕ ሆኖ ይውላል፣ አሁን ባለው ፋሽንም ያምራል። ጉርድ ለምትለብሱም ያው ነው። ከጉልበት በታች አጋማሽ ላይ የሚቆም ጉርድ ቁርጭምጭሚት ከሚደርሰው ይሻላል።

ጫማውን መምረጥ

ክረምት ላይ ሰው የሚታየው በጫማው ነው። ካፖርቱ በር ላይ ይወልቃል፣ ጫማው ግን ቀኑን ሙሉ አብሮ ይቀመጣል።

የቆዳ ጫማ ይሁን፣ ፊቱ ለስላሳና ያልተበሳሳ። ለጌጥ ተብለው አፍንጫው ላይ የተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎችና ተደራራቢ ስፌቶች በበጋ ያምራሉ፣ በክረምት ግን እያንዳንዳቸው የውሃ በር ናቸው። ምላሱን አንሱና ጎንና ጎኑን እዩ። ምላሱ በሁለቱም ጎን ከጫማው አካል ጋር በቆዳ የተያያዘ ከሆነ ውሃ በማሰሪያው በኩል ቢገባም እግር ጋ አይደርስም። ምላሱ ከታች ብቻ ተሰፍቶ ጎኑ ክፍት ከሆነ፣ አንድ ኩሬ በቂው ነው። ማሰሪያ የሌለው፣ በጎንና በጎኑ ላስቲክ ያለው አጭር ቡትም ጥሩ ነው። ከሱሪ ሥር ሲታይ መደበኛ ጫማ ይመስላል፣ ቁርጭምጭሚትንም ይሸፍናል። ደካማ ጎኑ ላስቲኩ ነው፣ ከዚያ በላይ ውሃ ከረገጣችሁ ይገባል።

ሶሉ ጎማ ይሁን። የቆዳ ሶል ውሃ ይጠጣል፣ በረጠበ ኮብል ስቶን ላይም ያንሸራትታል። የምትወዱት ጫማ የቆዳ ሶል ካለው አትጣሉት፣ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ከፊቱ ስስ ጎማ አስለጥፉበት። የጎማው ቅርጽ ጥልቅ ጥርስ ያለው ባይሆን እመርጣለሁ። ጥልቅ ጥርስ ገበሬ ማሳ ላይ ይጠቅማል። ከተማ ውስጥ ግን ጭቃውን ተሸክሞ ቢሮ ድረስ ያመጣና ወለሉ ላይ ያራግፈዋል። ትንሽ ትንሽ መስመር ያለው፣ ውፍረቱ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጎማ ይበቃል። ታኮ ለምታደርጉ፣ ቀጭን ታኮ በኮብል ስቶን መሀል ይሰነቀራል፣ በጭቃም ይሰምጣል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ታኮ መልኩን ሳያጎድል ያስኬዳችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሞባይል ካርድ ወይም ወፍራም ወረቀት ያዙ። ጫማውን ስትራመዱ እንደሚታጠፈው አጥፉትና ወረቀቱን ሶሉና ቆዳው በሚገናኙበት መስመር ዙሪያውን አስኬዱት። ወረቀቱ የሚገባበት ቦታ ካለ ውሃም ይገባል። ማስቲሹ የለቀቀው ትንሽ ቦታ ላይ ከሆነ ጫማ ሰፊ ይጠግነዋል። ዙሪያውን ከሆነ ግን ሌላ ጫማ ፈልጉ።

ሰሙና ቀለሙ

ይኸኛው ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፣ ቀስ ብለን እንሂድ።

ጫማን ከውሃ ለመጠበቅ ብዙ ሰው ቅባት ይቀባል። ቅባት በእርግጥ ውሃ ይከለክላል። ግን ቅባት የጠገበ ቆዳ አያበራም። ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ቀለም ሲቀባም አይቀበልም። ለዚህ ነው የተቀባ ጫማ የሰፈር ጫማ የሚመስለው። መፍትሔው ሁለቱን መከፋፈል ነው። ስፌቱና የሶሉ ዙሪያ በቅባትና በሰም ይታሸጋል። የሚታየው ፊት ደግሞ በጣሳ በሚሸጠው ጠጣር የጫማ ቀለም ብቻ ይሠራል። ጠጣሩ ቀለም ራሱ ሰም አለበት፣ በስሱ ሲደራረብ ውሃን ያንከባልላል፣ ያበራልም።

የስፌቱን ማሸጊያ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ የንብ ሰምና ሁለት ማንኪያ ቫዝሊን ያስፈልጋል። ሰሙ እውነተኛ መሆኑን እዩ። የንብ ሰም ማር ማር ይሸታል፣ በእጅ ሲሞቅ ይለሰልሳል እንጂ አይፈረፈርም። የሱቅ ሻማ አይሆንም። ሻማ ቆዳው ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ነጭ መስመር ይተዋል። የምግብ ዘይትም አትጠቀሙ፣ እየቆየ ይሸታል።

ድስት ውስጥ ውሃ አሙቁ። ሰሙንና ቫዝሊኑን ትንሽ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ጣሳውን ውሃው ውስጥ አስቀምጡ። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል፣ ስለዚህ ውሃው መንተክተክ እንኳ አያስፈልገውም። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፣ ሰም እሳት ይይዛል። ቀልጦ ሲዋሃድ አውጡትና ይቀዝቅዝ። ሲረጋ እንደ ወፍራም ቅባት ይሆናል። ይህ መጠን ለብዙ ጫማ ይበቃል።

አሁን ጫማው። መጀመሪያ ማሰሪያውን አውጡ፣ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ፣ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ ቆዳ ላይ ሰም መቀባት እርጥበቱን ከውስጥ ያሽገዋል፣ ኋላ ሻጋታ ይሆናል። ሲደርቅ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ቅባቱን በጥቂቱ አንሱና ሶሉና ቆዳው በሚገናኙበት መስመር ዙሪያውን አስገቡት። ቀጥሎ የምላሱን ጎንና ትልልቆቹን ስፌቶች። አፍንጫውና ጎኑ ላይ አታድርጉ። ጫማውን ክፍል ውስጥ ተዉትና ይደር። ጠዋት የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የሶሉ ዙሪያ በክር የተሰፋ ከሆነ ይህ አሠራር በጣም ጥሩ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ ግን ቅባት ማስቲሹን ቀስ በቀስ ሊያላቅቀው ይችላል። ሶሉን በጎን በኩል ስታዩ የክር መስመር ከሌለ፣ ለዙሪያው ቅባቱን ትታችሁ ጠጣሩን ቀለም በጥርስ ብሩሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቡበት። ውሃ መከላከሉ ከቅባቱ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ሶሉን አይጎዳም። አንዳንድ ሶል ላይ ደግሞ ለጌጥ የተቀረጸ የውሸት ክር አለ። በጥፍራችሁ ፈልቀቅ አድርጉት፣ እውነተኛ ክር ከሆነ ይነሳል።

ከዚያ ፊቱን። ጠጣሩን ቀለም በጨርቅ በጣም በስሱ ቀቡ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ በፈረስ ጭራ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ቦርሹት። ድገሙት። አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ሦስተኛ ዙር ስትቀቡ ጨርቁን በአንዲት ጠብታ ውሃ አርጥቡና እየዞራችሁ አሹት፣ መስታወት ይሆናል። እግር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን አታወፍሩ። ወፍራም ሰም እዚያ ላይ ይሰነጠቅና ነጭ ይሆናል።

በስፖንጅ የሚመጣውን ፈሳሽ ቀለም ክረምት ላይ እንድትተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። ወዲያው ያበራል፣ ለዚህ ነው የሚወደደው። የሚያበራው ግን ቆዳው ላይ በሚፈጥረው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ርካሹ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ካልሲና የሱሪ ጫፍ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር እሱ ነው።

ሥራችሁን ፈትሹት። ጫማው ውስጥ ሶፍት ጠቅጥቁ። ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጉ፣ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር ጥቂት ያህል አልፎ የሚደርስ። ጫማውን አሥር ደቂቃ አቁሙት። ከዚያ ሶፍቱን አውጡና እዩ። የረጠበው ከፊት ከሆነ አፍንጫው ጋ ያለው መስመር ያፈሳል፣ ከጎን ከሆነ ጎኑ። ቦታውን ካወቃችሁ ማሸጊያውን እዚያ ላይ ብቻ ትደግማላችሁ። ይህንን ግንቦት መጨረሻ ላይ ማድረግ ጥሩ ነው፣ ጫማ ሰፊ ካስፈለገ ጊዜ ይኖራችኋል።

ሊስትሮ ዘንድ

ክረምት ላይ ሊስትሮ ዘንድ ስትቀመጡ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በሳሙና ውሃ ካጠበው በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ትንሽ እንዲያናፍሰው። ወረፋ ሲበዛበት እርጥቡ ላይ ይቀባል፣ ያኔ ቀለሙ አይይዝም። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ጠጣር ይሁን። «ወንድሜ፣ በጣሳው አድርግልኝ፣ ዙሪያውን በደንብ አስገባልኝ» ማለት በቂ ነው። ጎበዝ ሊስትሮ ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

አንድ የነሐሴ ቀን

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ቤቱ አዘዞ፣ ሥራው ፒያሳ ያለ አንድ የባንክ ሠራተኛ እናስብ። ሱፍና ክራቫት ግዴታው ነው። ከቤቱ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጥቁር አፈር ነው፣ ሲረጥብ እግር ላይ እየተጣበቀ ይከብዳል። ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ አጭር የኮብል ስቶን መንገድ።

ማታ ላይ ጫማውን ቦርሾ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጣል። ፌስታል አይጠቀምም፣ ፌስታል እርጥበት ይይዛል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤት የሚወጣው በፕላስቲክ ጫማ ነው፣ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጥፎ። የትኛውም የተወለወለ የቆዳ ጫማ ያንን ጥቁር ጭቃ ችሎ አምሮበት አይወጣም፣ ስለዚህ እዚያ ላይ መታገሉን አልመክርም። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ በያዘው እርጥብ ጨርቅ እግሩን ጠርጎ፣ ካልሲና ቆዳ ጫማውን ያደርጋል። የፕላስቲኩ ጫማ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይገባል።

ሚኒባስ ውስጥ በሩ አጠገብ አይቀመጥም። በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው ዝናብ የግራ ወይም የቀኝ ትከሻን ብቻ ለይቶ ያረጥባል፣ ይኼ ደግሞ ከሙሉ መበስበስ የባሰ ያስታውቃል። ባጃጅ ከሆነም ያው ነው፣ የጎን ሸራው ጫፍ ያንጠባጥባልና መሀል ላይ መቀመጥ ይሻላል። ፒያሳ ሲወርድ ጃንጥላውን ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ይከፍታል። ጃንጥላው ረጅም እጀታ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ተጣጣፊው ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ የጎንደር ንፋስ ግን በቀላሉ ይገለብጠዋል።

ባንኩ በር ላይ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ካፖርቱን ከውጭ አራግፎ በመስቀያ ይሰቅለዋል፣ ሚስማር ላይ አንጠልጥሎ አይተወውም፣ አንገቱ ላይ ጉብ ብሎ ቅርጹ ይበላሻልና። ጫማው ላይ የተረጨውን ጭቃ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፣ በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል። ሱሪው ላይ የተረጨውን ግን አይነካውም። የልብስ ጭቃ እርጥቡን ከተነካ ወደ ክሩ ይገባል። ሲደርቅ በብሩሽ ሲመታ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። የቆዳ ጭቃ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ሲደርቅ የቆዳውን እርጥበትና ቅባት እየሳበ ያደርቀዋል።

ከሥራ ሲወጣ ዶፍ ከሆነ ጫማው ሊረጥብ ይችላል። ያኔ ማታ የሚያደርገው ነገር ጫማውን ወይ ያተርፈዋል ወይ ይገድለዋል።

ሲረጥብ ማድረቅ

የረጠበ ጫማ ከሰል አጠገብ አይቀመጥም። ሙቀት ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ማስቲሹንም ያላላዋል። ከሰል አጠገብ የደረቀ ጫማ ጠዋት ላይ ደህና ይመስላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እግር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቅ ደግሞ በቀለም አይደፈንም።

ማሰሪያውንና የውስጥ ምንጣፉን አውጡ። ጋዜጣ ጠቅጥቁ፣ አፍንጫው ድረስ እንዲደርስ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣው ረጥቦ ታገኙታላችሁ፣ በሌላ ቀይሩት። ከመተኛታችሁ በፊት ደግማችሁ ቀይሩት። ጫማውን በጎኑ አጋድሙት። ቀጥ አድርጋችሁ ካቆማችሁት ሶሉ ከታች እርጥብ ሆኖ ያድራል። ነፋስ ያለበት ጥላ ቦታ ይሁን። በክረምት አየር ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈልጋል። ስለዚህ ነው ለክረምት ሁለት ጫማ የሚያስፈልገው። ሁለት መካከለኛ ጫማ እያፈራረቀ የሚያደርግ ሰው አንድ ውድ ጫማ በየቀኑ ከሚያደርገው ይልቅ አምሮበት መስከረምን ይቀበላል።

ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ከታየ አቼቶን በእጥፍ ውሃ በጥብጡ፣ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁና የጫማውን ፊት በሙሉ እኩል ጥረጉ። መስመሩን ብቻ ከጠረጋችሁ ሌላ መስመር ይፈጠራል። ከዚያ ይድረቅ፣ ቀለም ይቀባ። ማሸጊያውን ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ፣ ወይም ስፌቱ ላይ ውሃ ሲያርፍ መንከባለሉን ትቶ ቆዳውን ሲያጠቁረው ስታዩ ድገሙት።

ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚቆይ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል። ካገኛችሁት ደጅ አውጥታችሁ ቦርሹት፣ ቤት ውስጥ ካራገፋችሁት ወደ ሌላው ልብስ ይዛመታል። በዚያው የአቼቶ ውሃ ከውስጥም ከውጭም ጥረጉት፣ በደንብ አናፍሱት። ዝናብ ባቆመበት ጠዋት ቁም ሳጥኑን ለአንድ ሰዓት ከፍታችሁ ተዉት። ካፖርቱንም ጃንጥላውንም እርጥቡን አጥፋችሁ አታስገቡ። ጃንጥላ እርጥብ ተጣጥፎ ሲያድር ሽቦው ይዝጋል፣ ዝገቱም ጨርቁ ላይ ቡኒ ነጥብ ይተዋል። ሲደርቅ ብቻ አጥፋችሁ አስቀምጡት።